የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት፦ ገጹ ላይ ምን ይጻፋል?

ሜሪላንድ ተቀምጣ የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ እናስብ። ገሚሱ ቀሚስ ተሰፍቶ ቤቷ ተሰቅሏል። የቀረው ደንበኛዋ ልኳን ስትልክ ሽሮ ሜዳ ተሸምኖና ተሰፍቶ በአውሮፕላን ይመጣል። የመላኪያ ገጹ ግን ለሁለቱም አንድ መስመር ብቻ ይዟል፦ «ዕቃዎ በ7 ቀን ውስጥ ይደርሳል።» የፋሲካ ሰሞን ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህች መስመር ነው።

ዕቃው ተዘጋጅቶ ከእጇ እስኪወጣ ያለው ጊዜ የእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የፖስታው ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው፤ «በዚህን ያህል ቀን እልካለሁ» ያለ ነጋዴ ለቃሉ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምንም ቀን ካልጻፈ ደግሞ 30 ቀን ይቆጠርበታል። ስለዚህ ገጹ እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «የተሰፉ ቀሚሶችን በ2 የሥራ ቀን ውስጥ እንልካለን። በልክ የሚሰፉትን በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ እንልካለን። ከተላከ በኋላ መንገዱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 የሥራ ቀን ይወስዳል።»

እስቲ በ2018ቱ ፋሲካ እንቁጠረው። በዓሉ የዋለው ኤፕሪል 12 ቀን 2026 ነው። በልክ የሚሰፋ ቀሚስ ሰኞ ማርች 2 ታዘዘ እንበል፤ ዕለቱ ዓድዋ ስለሆነ ቆጠራው የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። 20ኛው የሥራ ቀን ማርች 30 ላይ ይወድቃል። መንገዱ ሲጨመር ቀሚሱ ከኤፕሪል 6 እስከ 9 ባለው ጊዜ ይደርሳል። በመካከል ዒድ ስለሚገባ አንድ ቀን ይገፋና መጨረሻው ስቅለት ይሆናል። ማርች 9 ያዘዘች ደንበኛ ግን ቀሚሱን ለዳግማይ ትንሣኤ ትልበሰው። ገጹ ላይ «ለፋሲካ የልክ ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ማርች 2 ነው» የሚል መስመር ያስፈልጋል፤ የሥራ ቀን ሲባልም የአዲስ አበባ በዓላት እንደማይቆጠሩ ይነገር።

ሸማኔው ቢዘገይስ? ደንቡ የቀጠሮው ቀን ከማለፉ በፊት ለደንበኛዋ አዲስ ቀን እንዲነገራትና «ልጠብቅ ወይስ ልሰርዝ» የሚል ምርጫ እንዲሰጣት ያዛል። የመጀመሪያው መዘግየት ከ30 ቀን ካልበለጠ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ከዚያ ከረዘመ ወይም መቼ እንደሚላክ ካልታወቀ ግን ዝም ካለች ትእዛዙ ይሰረዛል፤ ገንዘቧም ይመለሳል። የሚመለሰው ገንዘቡ ራሱ ነው፤ «ሌላ ጊዜ ሌላ ቀሚስ ይውሰዱበት» ማለት አይቻልም።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ደንበኛዋ ቤት ለሚላክ ዕቃ ቀረጡን ማን እንደሚከፍልም ይጻፍ። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ታግዷል። ይህን ሳታውቅ የቀረጥ ሂሳብ በሯ ላይ የመጣባት ደንበኛ የምትቆጣው በጉምሩክ ሳይሆን በባለሱቋ ነው።

የተመላሽ ገጹም ሁለቱን ቀሚሶች ይለይ። ለተሰፋው፦ «ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ያልተለበሰ፣ ያልታጠበ፣ ሽቶ ያልነካው ከሆነ እንመልሳለን። የመመለሻውን ፖስታ ደንበኛ ይከፍላል።» በልክ ለሚሰፋው ደግሞ ሐሳብ መቀየር ብቻውን ተመላሽ አያስገኝም ቢባል ያስኬዳል። ዋናው ጥያቄ ስህተቱ የማን ነው የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሱቆች ዝም ይላሉ። «ቀሚሱ ከላኩልን ልክ ከ1 ኢንች በላይ ከተለየ በራሳችን ወጪ እናስተካክላለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን» ቢባል ሁለቱም ወገን ሜትር ይዞ ይፈርዳል። ደንበኛዋ ባንኳ ጋ ሄዳ «ክፍያው ይመለስልኝ» ብትል እንኳ ባለሱቋ የምታቀርበው ይህንን መስመርና የመከታተያ ቁጥሩን ነው።

ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ላሉ ደንበኞች የምትሸጥ ከሆነ 14 ቀኑ ግዴታ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንበኛ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል፣ የመጀመሪያውን መደበኛ የመላኪያ ዋጋም ያገኛል። በልክ የተሰፋ ልብስ ከዚህ ነፃ ነው። ይህን መብት ያላሳወቀ ሻጭ ግን የመመለሻው ጊዜ እስከ 12 ወር ይራዘምበታል።

የውል ገጹ አጭር ቢሆን ይበቃዋል፦ ሻጩ ማን ነው፣ ትእዛዙ መቼ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል፣ ዋጋ በስህተት ቢጻፍ ምን ይደረጋል፣ የየትኛው ግዛት ሕግ ይሠራል። ከገጹ ግርጌ ተደብቆ የሚቀር ውል ፍርድ ቤት ፊት ደካማ ነው፤ ደንበኛዋ ከመክፈሏ በፊት «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትልበት ሣጥን ይኑር። የሌላ ሱቅ ውል ግን አትቅዱ፤ የካሊፎርኒያን ሕግና የማታውቁትን ድርጅት ስም ይዞባችሁ ይመጣል።