የማይከፍለው ሰው ሳይታወቅ የሚጻፍ ኪሳራ፦ የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ ተረቱና እውነታው

ሰኔ 30 ሲቃረብ በመርካቶ የጅምላ መደብሮች ሂሳብ ሹሙና ባለቤቱ የሚከራከሩበት አንድ መስመር አለ። ሂሳብ ሹሙ በዱቤ ከተሸጠው ላይ የማይሰበሰበውን ገምቶ መጠባበቂያ ሊይዝ ይፈልጋል። ባለቤቱ የደንበኞቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ይሞግታል። «ይሄ የሃያ ዓመት ደንበኛዬ ነው፤ ያኛው ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ማን እንደሚክደኝ ሳላውቅ እንዴት ኪሳራ ብዬ እጽፋለሁ?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ስህተቱ መጠባበቂያው የሚናገረው ስለ ሰው ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። መጠባበቂያው የሚናገረው ስለ ብዛት ነው። መቶ ባለሱቆች ዱቤ ሲወስዱ የትኛው እንደማይከፍል ማንም አያውቅም፤ ከመቶዎቹ የተወሰነው ገንዘብ እንደማይመለስ ግን የመደብሩ የራሱ መዝገብ ይመሰክራል። የዘንድሮው ሽያጭ ዘንድሮ ገቢ ተብሎ ከተመዘገበ፣ አብሮት የመጣው ኪሳራም የዘንድሮ ወጪ ነው። ባለዕዳው እስኪሰወር ከተጠበቀ፣ የዘንድሮው ትርፍ ከእውነቱ በላይ ያብጥና የሚቀጥለው ዓመት ያልሠራውን ጥፋት ይሸከማል።

በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶችን ወደ ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃዎች አስገብቷል። ከእነዚህ ውስጥ አይኤፍአርኤስ 9 የተባለው፣ በዱቤ ሽያጭ ላይ የሚጠበቀው ኪሳራ ዕዳው ከተመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ እንዲገመት ያዛል። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀው ደረጃ ለንግድ ተሰብሳቢዎች ቀለል ብሎ፣ ኪሳራ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት እስኪታይ ይጠብቃል። በእሱም ቢሆን ጠባያቸው የሚመሳሰል ዕዳዎች በቡድን ሊታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ መደብር የትኛውን ደረጃ እንደሚከተል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚበረታው ተረት ግን «መጠባበቂያ በዘፈቀደ የሚጻፍ ቁጥር ነው» የሚለው ነው። እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ እንመልከት። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ለክፍለ ሀገር ባለሱቆች በ30 ቀን ዱቤ የሚያከፋፍል አንድ መደብር አለ እንበል። ሂሳብ ሹሙ ሰኔ 30 ቀን 2017 መዝገቡን ሲዘጋ 4,000,000 ብር ከደንበኞች ይጠብቃል። ስንቱ ይቀራል?

መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ2015 እና በ2016 መደብሩ በዱቤ የሸጠው በድምሩ 30,000,000 ብር ነበር። ደረሰኞቹን ተከትሎ ገንዘቡ መቼ መቼ እንደገባ ይቆጥራል። 18,000,000 ብር በቀኑ ተከፍሏል፤ 12,000,000 ብር ቀነ ገደቡን ተሻገረ። ከዚህ 7,500,000 ብር በመጀመሪያዎቹ 30 የመዘግየት ቀናት ውስጥ ገባና 4,500,000 ብር ቀረ። እስከ 60 ቀን ድረስ 2,500,000 ብር ሲገባ 2,000,000 ብር ቀረ። ከዚያ እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ 1,000,000 ብር ተሰበሰበ። 90 ቀን ከተሻገረው የመጨረሻው 1,000,000 ብር ውስጥ 550,000 ብር በልመናም በሽማግሌም ተገኘ። 450,000 ብር ግን እስከ ዛሬ የለም።

አሁን ያንኑ 450,000 ብር እያንዳንዱን በር ለተሻገረው ገንዘብ ማካፈል ነው። ለ30,000,000 ሲካፈል 1.5 በመቶ ይሆናል፤ ገና ቀኑ ያልደረሰ ዕዳ የመጥፋት ዕድሉ ይህ ነው። ለ12,000,000 ሲካፈል 3.75 በመቶ፣ ለ4,500,000 ሲካፈል 10 በመቶ፣ ለ2,000,000 ሲካፈል 22.5 በመቶ፣ 90 ቀን ላለፈው 45 በመቶ። ዕዳ ሲያረጅ አደጋው በእኩል እርምጃ አይጨምርም፤ ከአንዱ በር ወደሚቀጥለው በእጥፍና ከእጥፍ በላይ ይዘላል። ለባለዕዳ ከሚደረጉ የስልክ ጥሪዎች ሁሉ በ31ኛው የመዘግየት ቀን የሚደረገው ለምን የበለጠ ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ቀጥሎ የሰኔ 30ውን 4,000,000 ብር በዕድሜው ይከፋፍለዋል።

| የዕዳው ዕድሜ | ዕዳ (ብር) | የኪሳራ መጠን | መጠባበቂያ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ቀኑ ያልደረሰ | 2,400,000 | 1.5% | 36,000 |
| ከ1–30 ቀን ያለፈው | 800,000 | 3.75% | 30,000 |
| ከ31–60 ቀን ያለፈው | 400,000 | 10% | 40,000 |
| ከ61–90 ቀን ያለፈው | 200,000 | 22.5% | 45,000 |
| ከ90 ቀን በላይ ያለፈው | 200,000 | 45% | 90,000 |
| ድምር | 4,000,000 | | 241,000 |

እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቆች የሚሰናከሉበት አለ። «ከሽያጬ የሚጠፋው 1.5 በመቶ ከሆነ የ4,000,000 ብሩ 1.5 በመቶ 60,000 ብር ነው፤ 241,000 ከየት መጣ?» ይላሉ። በመዝገቡ ላይ ተከማችቶ የሚገኘው ዕዳ የሽያጩ አምሳያ አይደለም። በቀኑ የሚከፍሉት ከፍለው ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ ዘገምተኞቹ ግን ከወር ወር እዚያው ይቆያሉ። ወንፊት ላይ የሚቀረው እንክርዳዱ እንደሆነ ሁሉ፣ የዓመት መዝጊያ ዝርዝር ሁልጊዜ ከሽያጩ የባሰ አደጋ ይይዛል። የ1.5 በመቶ ስሌት መባዛት ያለበት በዓመቱ የዱቤ ሽያጭ እንጂ በቀሪው ዕዳ አይደለም።

ሂሳብ ሹሙ እዚህ ቢያቆም ግን የባሰ ስህተት ይሠራል። ያጠናቸው ሁለት ዓመታት ያበቁት ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በድሮ ዋጋ የሸጠ ባለሱቅ ዕቃውን በአዲስ ዋጋ መተካት አለበት፤ እጁ ላይ ያለውን ብር ለአከፋፋዩ ከመክፈል ይልቅ ዕቃ መግዣ ሊያደርገው ይችላል። አይኤፍአርኤስ 9 ያለፈው ብቻ ሳይሆን የሚመጣውም እንዲታይ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሂሳብ ሹሙ የ2017 ሽያጭን ያያል። ቀድሞ ከተሸጠው መቶ ብር ውስጥ 90 ቀን የሚሻገረው ከ3 ብር ጥቂት በላይ ነበር፤ አሁን 4 ብር ሆኗል። ጭማሪው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በዚህ ተመርኩዞ ሁሉንም መጠኖች በአንድ አምስተኛ ያሳድጋል፤ 45 በመቶው 54 ይሆናል፣ መጠባበቂያውም ከ241,000 ወደ 289,200 ብር ይወጣል። ይህ እርግጥ ፍርድ ነው፤ ኦዲተር «ለምን ሩብ አልሆነም?» ሊል ይችላል። የሚከላከለው ምክንያቱና ቁጥሩ በጽሑፍ መኖሩ ነው።

የሚመዘገበው ወጪ ግን 289,200 ብር ላይሆን ይችላል። ካለፈው ዓመት የተረፈ 70,000 ብር መጠባበቂያ ካለ የዘንድሮ ወጪ 219,200 ብር ብቻ ነው። ነባሩን ዘንግቶ ሙሉውን መደረብ በትናንሽ ድርጅቶች መዝገብ ላይ የሚያጋጥም ጥፋት ነው። ሌላው ደግሞ መጠባበቂያውን የተቀመጠ ገንዘብ አድርጎ ማየት ነው። በባንክም በካዝናም አንድ ብር አይንቀሳቀስም፤ 4,000,000 ብሩ በሪፖርቱ ላይ 3,710,800 ብር ተብሎ እንዲታይ ብቻ ያደርጋል።

ይህን የያዘ ሰው «ዕዳ መሰረዝ ትርፍ ይበላል» የሚለውን ተረትም በቀላሉ ይፈታዋል። 65,000 ብር ያለበት ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ እንበል። ሲሰረዝ ዕዳው 3,935,000፣ መጠባበቂያውም 224,200 ብር ይሆናል። ልዩነቱ አሁንም 3,710,800 ብር ነው። ኪሳራው ቀድሞ ተጽፏልና ስረዛው ትርፉን አይነካም። መሰረዝ ምሕረትም አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ፣ በውል የመጠየቅ መብት የሚቆየው 10 ዓመት ነው። ሰውየው ከዓመት በኋላ 20,000 ብር ይዞ ቢመጣ ገንዘቡ ይመዘገባል።

ግብሩ ሌላ መንገድ ይከተላል። የገቢ ግብር ሕጉ ተቀናሽ የሚያደርገው ግምቱን ሳይሆን፣ ቀድሞ በገቢነት የተያዘውን፣ ከመዝገብ የተሰረዘውንና ለማስከፈል አስፈላጊው ሕጋዊ ጥረት ሁሉ ተደርጎ ያልተገኘውን ዕዳ ነው። መጠባበቂያ ግብር ይቀንስልኛል ብሎ የጠበቀ ነጋዴ ግብሩ ሲሰላ ወጪው ተመልሶ ሲደመርበት ያያል። «ቼክ ይዣለሁ» ብሎ መጠባበቂያ የሚተውም እንዲሁ ይሳሳታል። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ነገር ግን ቅጣቱ የመደብሩን ገንዘብ አይመልስም።

ጠንቃቃ የሚባሉት ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ይወድቃሉ፤ «መጠባበቂያ በበዛ ቁጥር ይሻላል» ይላሉ። በአሜሪካ ሰንትረስት የተባለው ባንክ በ1998 እ.ኤ.አ. ከዋስትና ገበያ ተቆጣጣሪው ጋር ተስማምቶ ለብድር ኪሳራ የያዘውን መጠባበቂያ በ100 ሚሊዮን ዶላር ቀንሶ የ1994–1996 ሪፖርቶቹን አስተካክሏል። እሱ የባንክ ብድር እንጂ የዱቤ ሽያጭ አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ለመርካቶም ይሠራል። በደህና ዓመት ከልክ በላይ የተደበቀ መጠባበቂያ በክፉ ዓመት ሲለቀቅ ትርፍ መስሎ ይወጣል፤ መደብሩ እየታመመ መሆኑንም ባለቤቱ ራሱ አያይም።

የሠንጠረዡ ትልቁ ድክመት ከላይ ያሉት ስሌቶች አይደሉም። የዕዳው ዕድሜ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ያረጀ ዕዳ ተዘግቶ በአዲስ ቀን በአዲስ ደረሰኝ ሲተካ፣ ከ45 በመቶው ረድፍ ወደ 1.5 በመቶው ይዘላል። ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ የድሮው ዕዳ ሳይነካ አዲሱ ላይ ሲመዘገብም ዝርዝሩ ይዛባል። ምልክቱ የሚገኘው ከሰኔ 30 በኋላ ነው። ሂሳብ ሹሙ በሐምሌና በነሐሴ የገባውን ብር ከየትኛው ደረሰኝ ጋር እንደሚገናኝ ያመሳክራል። «ቀኑ ያልደረሰ» ከተባለው 2,400,000 ብር ውስጥ ከግማሹ በላይ በ30 ቀን ውስጥ መግባት ሲገባው ሩቡ ብቻ ከገባ፣ ረድፉ ውስጥ አዲስ የተባሉ አሮጌ ዕዳዎች መኖራቸውን ይጠረጥራል፤ የጭነት ሰነዱን አውጥቶ ቆርቆሮው ከመጋዘን የወጣበትን ቀን ይፈልጋል።