ከብር ላይ ዜሮ ሲነሳ

መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌው 100 ብር በአዲስ 100 ብር ተተካ፤ 200 ብርም ታከለ። ዜሮ ግን አልተነሳም። ዜሮ ማንሳት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል።

ዘነበወርቅ የሚኖር አንድ ደመወዝተኛ እናስብ። በወር 12 ሺህ ብር ያገኛል፣ በየሳምንቱ 1 ሺህ ብር ዕቁብ ይጥላል፣ ባንክ 40 ሺህ አስቀምጧል፣ ኩንታል ጤፍ ደግሞ 14 ሺህ ነው እንበል። ሁለት ዜሮ ቢነሳ ደመወዙ 120፣ ዕቁቡ 10፣ ቁጠባው 400፣ ጤፉ 140 ይሆናል። ዱሮ የወር ደመወዙ ኩንታል ጤፍ አይገዛለትም ነበር፤ አሁንም አይገዛለትም። የቤት ኪራዩም፣ ብድሩም፣ የዶላሩም ዋጋ እንዲሁ ለመቶ ይካፈላል። 150 ብር የነበረ ዶላር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ቢባል ብር በረታ ማለት አይደለም።

ጋና ይህን በሐምሌ 2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድርጋዋለች። 10 ሺህ አሮጌ ሲዲ 1 አዲስ ሲዲ ሆነ፤ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ድረስም አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ሕዝቡን «ዋጋው ያው ነው» እያለ አስተማረ፤ እውነቱንም ነበር። ያኔ አንድ ሲዲ ወደ አንድ ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2024 ግን አንድ ዶላር ለመግዛት ከ15 ሲዲ በላይ ያስፈለገበት ጊዜ ነበር። ዜሮ መቀነስ የዋጋ ንረትን አያቆምም። ዚምባብዌ በ2006፣ በ2008 እና በ2009 በጠቅላላው 25 ዜሮ አንስታ ገንዘቧን ከመጥፋት አላዳነችም።

ታዲያ ድሃው የሚጎዳበት ቀዳዳ የት ነው? በሳንቲሙ። ሱቅ ውስጥ 7 ብር የሚሸጥ ነገር በሁለት ዜሮ ቅነሳ 7 ሳንቲም መሆን ነበረበት። ገበያው ላይ ያለው ትንሹ ሳንቲም 10 ከሆነ ግን ባለሱቁ መልስ የሚሰጥበት የለውም፤ ዋጋውን 10 ይለዋል። ይህ ከመቶ 43 ገደማ ጭማሪ ነው። ኩንታል ጤፍ በሚገዛው ላይ ያው ጥቂት ሳንቲም ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገዛ ለሚኖረው ግን ቀጥታ ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ ዜሮ የሚያነሳ መንግሥት ከኖቶቹ በፊት ትንንሽ ሳንቲሞችን በበቂ መጠን ማውጣት፣ ሱቆችም ለወራት ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን እንዲለጥፉ ማስገደድ አለበት።

ባንክ ያለ ገንዘብን ባንኩ ራሱ ይቀይረዋል፤ ቤት የተቀመጠ ጥሬ ብር ግን ቀነ ገደብ አለበት፤ በ2013 ዓ.ም. ኖቶቹ ሲቀየሩ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ዶላር ፍለጋ አትሩጡ፤ ጥሬ ገንዘባችሁን በጊዜ ባንክ አግቡ፣ ስትገዙም አሮጌውን ዋጋ ራሳችሁ አካፍላችሁ ክፈሉ።