የልደት ሰዓትና የጥንዶች ኮከብ ቆጠራ፦ ወጪ ኮከብና ቤቶች ለምን ይለዋወጣሉ?

ወጪ ኮከብ የሚባለው አንድ ሰው በተወለደበት ቅጽበትና ቦታ በምሥራቅ አድማስ ብቅ ሲል የነበረው የዞዲያክ ክፍል ነው፤ ኮከብ ቆጣሪዎች አሴንዳንት ይሉታል። ሰዎች «ኮከቤ ሐመል ነው» ሲሉ የሚናገሩት በተወለዱ ዕለት ፀሐይ ስለነበረችበት ክፍል ነው። ፀሐይ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወር ያህል ስለምትቆይ ይህን ለማወቅ የልደት ቀን ይበቃል። ወጪ ኮከብ ግን የሚከተለው የምድርን መሽከርከር ነው። ምድር በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ስትዞር ዐሥራ ሁለቱም ክፍሎች በየተራ በምሥራቅ ይወጣሉ። በአማካይ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ፣ በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣል ማለት ነው።

የልደት ካርታ ዐሥራ ሁለት ቤቶች የሚቆጠሩት ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ ነው። በጥንታዊው የግሪኮች አሠራር ወጪው ክፍል በሙሉ አንደኛ ቤት ይሆናል፤ ተከታዩ ሁለተኛ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ እየተባለ ይሄዳል። ሰባተኛው ቤት የትዳር፣ ስድስተኛው የሥራና የጤና፣ ዐሥራ ሁለተኛው የብቸኝነትና የተሰወረ ነገር ቤት ነው ይባላል። ወጪው ኮከብ በአንድ ክፍል ብቻ ቢሳሳት ስሕተቱ አንድ ቤት ላይ አይቆምም፤ ዐሥራ ሁለቱም ቤቶች አብረው ይንሸራተታሉ። ቤቶችን በሌላ መንገድ የሚከፍሉ አሠራሮችም አሉ፤ በስፋት የሚሠራበት የፕላሲደስ አከፋፈል አንዱ ነው። ሁሉም ግን የሚነሡት ከዚያው ከልደት ሰዓት ስለሆነ ከስሕተቱ የሚያመልጥ የለም።

በጥንዶች ንባብ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። አንባቢው የአንዱን ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በሌላው ቤቶች ላይ ያስቀምጥና «የእሷ ፀሐይ በእሱ ስንተኛ ቤት ላይ አረፈች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም የእሱን በእሷ ላይ ያያል። ስለዚህ ሁለት የልደት ሰዓቶች ያስፈልጉታል፤ የአንዱ መሳሳት ብቻውን የንባቡን ግማሽ ያበላሻል። ፕላኔቶቹ ራሳቸው ግን በጥቂት ሰዓት ስሕተት እምብዛም አይነቃነቁም። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ ከሁሉም የምትፈጥነው ጨረቃ እንኳ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ትሄዳለች። የተሳሳተ ካርታ ትክክለኛ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ፕላኔቶቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ የተዛወሩት ቤቶቹ ናቸው።

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይታያል። አንዲት ሴት መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዲስ አበባ ተወለደች እንበል። ቀኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 21 ቀን 1990 ነው፤ ፀሐይ ሐመል ከገባች ገና ሰዓታት ብቻ አልፈዋል። ወንዱ ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1985 ተወለደ፤ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት 7:30 PM ነው። የእሱም ፀሐይ ሐመል ውስጥ ናት፣ 25ኛው ዲግሪ ገደማ።

ከሴቲቱ እንጀምር። የኢትዮጵያ ሰዓት ቀኑን ከንጋት ስለሚቆጥር የጠዋቱ 3 ሰዓት ዓለም አቀፉን አቆጣጠር ለሚከተል ፕሮግራም 9:00 AM ነው። ኢትዮጵያ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም በግሪኒች 6:00 ይሆናል። በዚህ ቅጽበት በአዲስ አበባ ምሥራቅ ይወጣ የነበረው የሠውር 12ኛ ዲግሪ ነው። ሐመል ከሠውር አንድ ክፍል ወደ ኋላ ስለሚገኝ የወንዱ ፀሐይ የሚያርፈው በእሷ ዐሥራ ሁለተኛ ቤት ላይ ነው።

«ሦስት ሰዓት» የሚለው ሳይመነዘር 3:00 AM ተብሎ ቢገባስ? ወጪው ኮከብ ከሠውር ወደ ደለዊ ይዛወራል። የእሱ ፀሐይም ሦስተኛው ቤት፣ ማለትም የወሬና የወንድም እህት ቤት ላይ ይወድቃል። 3:00 PM ተብሎ ከገባ ደግሞ ወጪው አሰድ ይሆናል፤ ፀሐዩም ወደ ዘጠነኛው፣ ወደ ሃይማኖትና የሩቅ ጉዞ ቤት ይሄዳል። ልደቷ አንድ፣ እጮኛዋም አንድ ሆኖ ሳለ ስለዚሁ ሰው ሦስት የማይገናኙ ንባቦች ይነገሯታል።

ይህን ስሕተት ለመያዝ የሂሳብ እውቀት አያስፈልግም፤ ፀሐይን ማየት ይበቃል። የካርታው አግድም መስመር አድማስ ነው፤ በግራ ጫፉ ምሥራቅ፣ በቀኝ ጫፉ ምዕራብ ይገኛል። ንጋት ላይ የተወለደ ሰው ፀሐይ በግራው ጫፍ አጠገብ፣ እኩለ ቀን ላይ የተወለደ በካርታው አናት ገደማ፣ ማታ ጀንበር ስትጠልቅ የተወለደ በቀኙ ጫፍ አጠገብ መታየት አለባት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተወለደችው ሴት ፀሐይ በግራና በአናቱ መካከል ካልተገኘች፣ ለምሳሌ ከአግድሙ መስመር በታች ከወረደች፣ ሰዓቱ ሳይመነዘር ገብቷል።

የሌሊት ልደት ሌላም ጥንቃቄ ይሻል፤ እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። በብዙ ቤተሰብ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ስለዚህ «መጋቢት 12 ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለው ለ12 አጥቢያ ይሁን ለ13 አጥቢያ ካልተጠየቀ አይታወቅም። ወጪው ኮከብ በሁለቱ ሌሊቶች በዚያው ሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚለያይ እሱ ብዙም አይናወጥም። ጨረቃ ግን በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ገደማ ስለምትጓዝ ክፍሏን ልትለውጥ ትችላለች።

የወንዱ ሰዓት አስቸጋሪነቱ ለየት ያለ ነው። አሜሪካኖች በሞቃቱ ወራት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ ዋሽንግተንም በክረምት ከግሪኒች በ5 ሰዓት፣ በበጋ በ4 ሰዓት ትዘገያለች። ከ2007 ወዲህ ለውጡ የሚደረገው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ኤፕሪል 14 ሲባል ልዩነቱ 4 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ለምዶታል። በ1985 ግን ሰዓቱ የሚገፋው በኤፕሪል የመጨረሻው እሑድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 28 ቀን ማለት ነው። ሕጻኑ ሲወለድ ሰዓቱ ገና አልተገፋም፣ ልዩነቱም 5 ሰዓት ነበር። 7:30 PM በግሪኒች ከእኩለ ሌሊት በኋላ 00:30 ይሆናል፤ ቀኑም ወደ ኤፕሪል 15 ይዞራል።

በትክክል ሲሰላ ወጪው የዐቅራብ 5ኛ ዲግሪ ነው። በዛሬው ልማድ 4 ሰዓት ተብሎ ከተሰላ የሚዛን 23ኛ ዲግሪ ይሆናል። ይህ የአንድ ሰዓት ስሕተት የሴቲቱን የሐመል ፀሐይ ከስድስተኛው ቤቱ አንሥቶ ሰባተኛው ላይ ያስቀምጠዋል። «በሥራና በአገልግሎት የምትገናኙ ናችሁ» መባል የነበረበት ንባብ «የትዳር ቤትህን የምታበራ ናት» ወደሚል ይለወጣል። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። በትክክለኛው ስሌት የእሷ ሠውርና የእሱ ዐቅራብ ፊት ለፊት የሚተያዩ ክፍሎች ናቸው፤ የእሷ ወጪ ኮከብ የእሱ ሰባተኛ ቤት፣ የእሱም የእሷ ሰባተኛ ቤት ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች ለትዳር ከባድ ክብደት የሚሰጡት ይህ መተያየት በአንደኛው ሰው የሰዓት ስሕተት ብቻ ይጠፋል።

ጥሩ ፕሮግራሞች የየከተማውን የቀድሞ የሰዓት ሕግ በመዝገብ ይይዛሉ፤ የትውልድ ከተማው ከተመረጠላቸው ሥራውን ራሳቸው ይሠራሉ። ስሕተቱ በብዛት የሚመጣው ሰው ልዩነቱን በእጁ ሲሞላ፣ ወይም በተወለደበት ከተማ ምትክ የሚኖርበትን ሲጽፍ ነው። በእስራኤል የተወለዱ ሰዎች ጉዳይ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀድሞ ሰዓቱ የሚለወጥባቸው ቀኖች ከዓመት ዓመት ይለያዩ ነበር። ሳዑዲ ዐረቢያና ኩዌት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሰዓት አላቸው፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ደግሞ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ።

ሰዓቱ በትክክል ከተመነዘረ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መጀመሪያ የተነገረው ሰዓት ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። የሴቲቱ እናት «ሦስት ሰዓት ገደማ ነው» ቢሉ ችግር የለውም። በዚያ ጠዋት ሠውር የወጣው ከ2 ሰዓት ከ15 እስከ 4 ሰዓት ከ10 አካባቢ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢባል ክፍሉ አይለወጥም። ስለ ወንዱ ግን «ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ» የሚል ትውስታ አይበቃም፤ በዚያ ምሽት ከሚዛን ወደ ዐቅራብ የተሻገረው 7:05 ላይ ገደማ ነውና። የቦታም ለውጥ አለው። በአዲስ አበባ አንድ ክፍል ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከምድር ወገብ በራቀችው ዋሽንግተን ግን ሐመል በ1 ሰዓት ከሩብ ያህል ሲያልፍ ሚዛን 2 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ስለዚህ ተመሳሳይ የደቂቃ ስሕተት በሁሉም ሰው ላይ እኩል ጉዳት አያደርስም። የሚበጀው ዘዴ ካርታውን ሦስት ጊዜ ማውጣት ነው፦ በተነገረው ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ እንዲሁም ግማሽ ሰዓት ዘግየት ብሎ። ወጪው ኮከብ በሦስቱም አንድ ከሆነ ቤቶቹን ማንበብ ይቻላል፤ ከተለያየ ግን ቤቶቹን ጠቅሶ መናገር ከግምት አያልፍም።

አሜሪካዊቷ ሎይስ ሮደን ለዚህ የታማኝነት ደረጃ አውጥታ ነበር። AA በልደት መዝገብ ላይ ለተጻፈ ሰዓት፣ A ከሰው ትውስታ ለተገኘ፣ DD ምንጮቹ ለሚጋጩ፣ X ደግሞ ቀኑ ብቻ ለሚታወቅ የሚሰጥ ምልክት ነው። በምሳሌው ወንዱ AA፣ ሴቲቱ A ያገኛሉ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሰማይ ልኬት ነው፤ ሊረጋገጥ ይችላል። ቤቶቹ ስለ ፍቅርና ትዳር ይነግራሉ የሚለው ግን በሳይንስ አልተረጋገጠም። ፊዚክስ ተመራማሪው ሾን ካርልሰን በ1985 በኔቸር መጽሔት ባወጣው ሙከራ፣ ኮከብ ቆጣሪዎቹ ካርታን ከባለቤቱ የሥነ ልቦና መግለጫ ጋር ሲያዛምዱ ከዕድል የተሻለ ውጤት አላሳዩም። የሰዓት ጥራት ካርታውን ትክክል ያደርገዋል፤ ትርጉሙን እውነት አያደርገውም። በጥንዶች ንባብ ላይ ተመሥርቶ እጮኛ ለመመለስ ወይም ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ይገባዋል።

ዐውደ ነገሥት ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው የአገር ቤቱ ቆጠራ ከዚህ የተለየ መንገድ ነው። የሚነሣው ከሰውየውና ከእናቱ ስም ፊደላት ቁጥር ስለሆነ የልደት ሰዓት አይጠይቅም። ሁለቱን ቀላቅሎ በስም የተገኘን ኮከብ እንደ ወጪ ኮከብ አድርጎ ቤት መቁጠር መሠረት የለውም። ሰዓቱ ጨርሶ ለማይታወቅ ሰው በምዕራቡ አሠራር የሚቀረው ፕላኔቶቹ እርስ በርስ የሚያደርጉትን መተያየት ብቻ ማየት ነው፤ ያም ቢሆን ጨረቃን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል፣ በዚያ ቀን ከክፍል ክፍል ተሻግራ ሊሆን ይችላልና።