መሰላሉን ሳይፈቱ፣ የእግሩን ግፊት ማወቅ

ቀለም ቀቢው ባለ ሁለት እግር መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒስ ይቀባል። የመሰላሉ የግራ እግር ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ ቆሟል፤ ወደ ኋላ መሄጃ የለውም። የቀኙ እግር ግን ያረፈው ገና ተወልውሎ ባልደረቀ ሴራሚክ ላይ ነው። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና ጫማውን በእግሩ ጥግ ገትሮ ያዘው። ያ ጫማ ባይኖር መሰላሉ ተንሸራቶ ይዘረጋ ነበር። ረዳቱ በጫማው ስንት ኃይል እየገፋ ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በተለመደው መንገድ ሲሠራ ግን ይረዝማል። ተማሪው መሰላሉን በሐሳቡ ከማጠፊያው ላይ ለሁለት ይፈታዋል። ግራውን ብቻውን፣ ቀኙንም ብቻውን ይስልና በእያንዳንዱ ላይ ያረፉትን ኃይሎች ይዘረዝራል። የግድግዳው፣ የወለሉና የጫማው ድጋፍ አለ፤ ማጠፊያው አንዱን እግር በሌላው ላይ የሚገፋበት ኃይልም አለ። ለእያንዳንዱ እግር ሦስት የሚዛን እኩልታ፣ በድምሩ ስድስት እኩልታ ከስድስት ያልታወቁ ቁጥሮች ጋር ይገጥመዋል። የተጠየቀው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

መሰላሉን ሳይፈቱ ያንን አንድ ቁጥር ብቻ የሚያወጣ ሌላ መንገድ አለ። በምሕንድስና ክፍል ውስጥ ቨርቹዋል ወርክ ይሉታል፤ በአማርኛ ምናባዊ ሥራ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ሥራ ማለት በፊዚክስ ትርጉሙ ነው፦ ኃይሉ፣ በራሱ አቅጣጫ በተጓዘው ርቀት ሲባዛ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጠኑ የሚፈለገው ድጋፍ ብቻውን ይነሳል፤ እዚህ ላይ የረዳቱ ጫማ ማለት ነው። በቦታው ጫማው ይሰጠው የነበረው ኃይል በቀስት ይሳላል። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቆያል፤ ማጠፊያው አይነካም፣ ግድግዳውም አይነካም። አሁን መሰላሉ መንቀሳቀስ የሚችልበት አንድ መንገድ ብቻ ተከፍቶለታል፦ የቀኙ እግር ወደ ውጭ ሲንሸራተት ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል። ሠሪው ይህንን እንቅስቃሴ በሐሳቡ ለጥቂት ያህል ይፈቅድና ማን ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ይቆጥራል። መሰላሉ በሚዛን ላይ ከነበረ የሥራው ድምር ዜሮ መሆን አለበት።

ቁጥር ይግባበት። እያንዳንዱ እግር 2.5 ሜትር ነው፣ ሁለቱ እግሮች ወለሉ ላይ 1.4 ሜትር ተራርቀዋል፣ የማጠፊያው ከፍታ 2.4 ሜትር ነው። ቀለም ቀቢው በግራው እግር ላይ፣ ከከፍታው ሦስት አራተኛ ላይ ቆሟል። ክብደቱ 80 ኪሎ ቢሆን ወለሉን የሚጫነው በግርድፉ 800 ኒውተን ነው። የመሰላሉ የራሱ ክብደት ለጊዜው ይቆይ።

የቀኙ እግር አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይሂድ። ስፋቱ 1.41 ሜትር ይሆናል፣ ግማሹ 0.705። የእግሩ ርዝመት አልተለወጠም፤ ስለዚህ በፓይታጎረስ ሕግ አዲሱ ከፍታ 2.3985 ሜትር ይወጣል። ጫፉ የወረደው 1.46 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለም ቀቢው ከከፍታው ሦስት አራተኛ ላይ ስላለ እሱ የወረደው 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ የሠራው ሥራ 800 በ1.1 ተባዝቶ 880 ይሆናል፤ ጫማው በተቃራኒው አቅጣጫ እየገፋ 10 ሚሊ ሜትር ተሸንፏል። 880 ለ10 ሲካፈል 88 ኒውተን። እርምጃው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይልቅ እያነሰ ሲሄድ መልሱ 87.5 ላይ ይረጋል። ረዳቱ በጫማው የያዘው ወደ ዘጠኝ ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ብቻ ነው ማለት ነው።

ሌሎቹ አምስት ያልታወቁ ኃይሎች ታዲያ የት ገቡ? አንዳቸውም አልተረሱም፤ ሥራ ስላልሠሩ ብቻ ከሒሳቡ ወጥተዋል። ከግድግዳው ሥር ያለው እግር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ርቀት ከሌለ ሥራ የለም። ቀኙን እግር ወለሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እግሩ ግን የሄደው ወደ ጎን ነው። ማጠፊያው ደግሞ ግራውን እግር በገፋበት ልክ ቀኙን በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋል። ሁለቱ እግሮች እዚያ ነጥብ ላይ አብረው ስለሚጓዙ አንዱ ያተረፈውን ሌላው ይከፍላል፤ ድምሩ ዜሮ ነው። ዘንጎቹም የማይለጠጡና የማይጎብጡ ተደርገው ስለተወሰዱ በውስጣቸው የሚቀር ሥራ የለም። የዘዴው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማጠፊያው መፈታት ያላስፈለገው ለዚህ ነው።

የመሰላሉን የራሱን ክብደት መጨመርም አዲስ እኩልታ አይጠይቅም። 10 ኪሎ ቢመዝን፣ የክብደቱ መሃል ከጫፉ ከፍታ ግማሽ ላይ ስለሆነ የሚወርደው ጫፉ የወረደውን ግማሽ ነው። ያ በጫማው ላይ ወደ 7 ኒውተን ይጨምራል፤ ድምሩ 95 ገደማ ይሆናል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ቤርኑሊ ለፈረንሳዊው ፒየር ቫሪኞን በጻፈው ደብዳቤ ላይ በአጠቃላይ መልኩ አስቀምጦታል፤ ደብዳቤው ለአንባቢ የደረሰው ቫሪኞን ከሞተ በኋላ በ1725 በታተመው የመካኒክስ መጽሐፉ ውስጥ ነው። በ1788 ደግሞ ላግራንዥ የመካኒክስን ትምህርት በሙሉ በዚሁ መሠረት ላይ ገንብቶ አሳተመ፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ሥዕል እንደማይገኝ በመቅድሙ ላይ ራሱ ተናግሯል።

ባለ ሁለት ዘንጉ መሰላል ላይ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዘንጎቹ ሲበዙ ግን ልዩነቱ ይገናል። በግንባታ ቦታና በመጋዘን የሚታየውን፣ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ማንሻ ማሰብ ይበቃል። ሦስት መቀስ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ከላይ መድረክ ተሸክሟል። በአንድ ጎኑ ሲታይ ስድስት ዘንግና አንድ መድረክ አለው። ሁሉንም ፈትቶ መሥራት 21 እኩልታ ነው። የሚፈለገው ግን ከታች በጎማ የሚንከባለለውን እግር ወደ ውስጥ ገፍቶ የያዘው ኃይል ብቻ ቢሆንስ?

ያንን ግፊት አንሥቶ እግሩን አንድ ሚሊ ሜትር ማስጠጋት ነው። ዘንጎቹ በ45 ዲግሪ ቆመው ከሆነ እያንዳንዱ መቀስ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ያድጋል፤ ሦስቱ ተደምረው መድረኩ ሦስት ሚሊ ሜትር ይነሳል። መድረኩ ላይ 2000 ኒውተን ካለ፣ እግሩን የያዘው ኃይል የዚያ ሦስት እጥፍ፣ 6000 ኒውተን ነው። በቃ። ማንሻው ተጣጥፎ ዘንጎቹ በ10 ዲግሪ ሲጋደሙ ግን ያው አንድ ሚሊ ሜትር መድረኩን 17 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል፤ ግፊቱም ወደ 34,000 ኒውተን ይዘልላል። እንዲህ ያለ ማንሻ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ከፍ ብሎ ሲቆም ሳይሆን ከተጣጠፈበት መነሳት ሲጀምር ነው። ብዙ ሠሪዎች የሃይድሮሊኩን ሲሊንደር ወለሉ ላይ ከማጋደም ይልቅ በዘንጎቹ መካከል አዘንብለው የሚገጥሙትም ለዚህ ነው።

ዘዴው የሚሳሳትበት ቦታ አለው። አንደኛው እርምጃውን ማብዛት ነው። የመሰላሉን እግር በ1 ሴንቲ ሜትር ፈንታ 20 ሴንቲ ሜትር ያስኬደ ሰው 94 ኒውተን ያገኛል፤ ከእውነተኛው ወደ 8 በመቶ ይበልጣል። ምክንያቱም መሰላሉ እየተዘረጋ ሲሄድ ቅርጹ ራሱ ይለወጣል፣ የተጠየቀው ደግሞ አሁን ባለበት ቅርጽ ያለው ግፊት ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ እርምጃውን በግማሽ ቀንሶ እንደገና ማስላት። መልሱ በጉልህ ከተለወጠ የመጀመሪያው እርምጃ በዝቷል።

ሌላው ስሕተት ይብሳል። ረዳቱ ጫማውን ከመገተሩ በፊት ሁለቱ እግሮች በሰንሰለት ታስረው ነበር እንበል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ሳለ ጫማው በሐሳብ ቢነሳ መሰላሉ ንቅንቅ አይልም። እንቅስቃሴ ከሌለ የሚቆጠር ሥራ የለም፣ እኩልታውም ባዶ ይሆናል። ይህ የስሌት ጉድለት አይደለም፤ ድጋፉ ከሚያስፈልገው በላይ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። ሰንሰለቱና ጫማው ሸክሙን እንዴት እንደተካፈሉ የሚወሰነው ሰንሰለቱ በሚለጠጠው ልክ ነው፤ አይለጠጥም ተብሎ ከተነሣ ሒሳብ ያንን መልስ መጠበቅ አይቻልም። በተቃራኒው ሁለት ድጋፍ በአንዴ ያነሣ ሰው በአንድ እኩልታ ውስጥ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን ይዞ ይቀራል። ሁለቱንም የሚፈልግ በየተራ ማንሣት አለበት።

በየተራ ማንሣቱ በዚህ መሰላል ላይ ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል። አሁን ጫማው በቦታው ይቁምና ከቀኙ እግር ሥር ያለው የወለሉ ድጋፍ ይነሣ። እግሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ማንሣት መሰላሉን እንዳለ፣ ቅርጹን ሳይለውጥ፣ በግራው እግር ዙሪያ ያዞረዋል። ቀለም ቀቢው ከግራው እግር በአግድም 52.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ ቀኙ እግር ደግሞ 140 ላይ፤ ስለዚህ ሰውዬው የሚነሣው 3.75 ሚሊ ሜትር ነው። 800 በ3.75 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል፣ ወለሉ ቀኙን እግር ወደ ላይ የሚገፋው 300 ኒውተን ይሆናል።

ረዳቱ ጫማውን ቢያነሣ ያንን 87.5 ኒውተን መያዝ ያለበት የወለሉ ሰበቃ ነው፤ ሰበቃው የሚመነጨውም ከዚሁ 300 ኒውተን ነው። የሁለቱ ጥምርታ 0.29 ነው። ቀለም ቀቢው ወደ ግማሹ ከፍታ ቢወርድ ግፊቱ ወደ 58፣ የወለሉ ድጋፍ ወደ 200 ይወርዳል፤ ጥምርታው ያው 0.29 ነው። የ60 ኪሎ ሰው ቢወጣም አይለወጥም። ቁጥሩ የተገኘው ከቅርጹ ብቻ፣ 0.7 ለ2.4 ሲካፈል ነው። መሰላሉ ተዘርግቶ እግሮቹ 3 ሜትር ቢራራቁ ጫፉ 2 ሜትር ላይ ይወርድና ጥምርታው 0.75 ይደርሳል፤ በጫማው ላይ ያለው ግፊትም 225 ኒውተን ይሆናል። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያን ያህል ሰበቃ መጠበቅ አይቻልም። ረዳቱ ጫማውን ከማንሣቱ በፊት ማየት ያለበት ላይ የቆመውን ሰው ሳይሆን፣ እግሮቹ ምን ያህል እንደተራራቁና ወለሉ መድረቁን ነው።