ስክሪኑ ሁሉ ሲቀላ

ሐምሌ 17 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። በዌልስ የባሕር ዳርቻ ሚልፎርድ ሄቨን አካባቢ የነበረው የቴክሳኮ ነዳጅ ማጣሪያ መብረቅ የቀላቀለ ማዕበል መታው። የማጣሪያው ሥራ ተረበሸ። ይሁንና ቀኑን ያበላሸው መብረቁ ብቻ አልነበረም። ፈሳሽ የሚወጣበት አንድ ቫልቭ ተዘግቶ ሳለ የመቆጣጠሪያው ስክሪን ክፍት ነው እያለ ያሳይ ነበር። ፈሳሹ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከሰዓታት በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ትርፍ ጋዝ ወደሚቃጠልበት ማማ የሚወስደው ቧንቧ ተሰበረ። ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ተቀጣጣይ ነዳጅ አምልጦ ፈነዳ። 26 ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው፤ የንብረቱ ጥፋት 48 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ተገመተ።

አደጋውን የመረመረው የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ትኩረቱን ከሳቡት ነገሮች አንዱን ያገኘው መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች ፊት 275 አላርሞች ጮኸዋል። ሲካፈል በየ2.4 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት መልእክቱን አንብቦ መጨረስ እንኳ አይቻልም፤ ቫልቭ መፈለግማ ይቅር።

ዛሬ ሚልፎርድ ሄቨንን የሚያህል ቀርቶ መለስተኛ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካም ኤች ኤም አይ የሚባል ስክሪን አለው። ኦፕሬተሩ ታንከሩን፣ ፓምፑንና ቫልቩን የሚያየውና የሚያዝዘው በዚሁ ነው። አላርም መጨመር ደግሞ በጣም ቀላል ሆኗል። ድሮ ለአንድ አላርም መብራት መግዛትና ሽቦ መዘርጋት ስለሚያስፈልግ የሚጨመረው ታስቦበት ነበር። አሁን ፕሮግራመሩ ሳጥን ውስጥ ምልክት ካደረገ አበቃ። ለአንድ ሴንሰር ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ፣ በጣም ከፍተኛ እያሉ አራት አላርም መስጠት የተለመደ ነው። አራቱም ያስፈልጋሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሲጮህ ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? የሚያደርገው ነገር ከሌለ አላርም አይደለም፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍር መረጃ ነው። ፓምፑን ራሱ ኦፕሬተሩ አጥፍቶት “ፓምፕ ቆሟል” ብሎ መጮህ ለነጋሪው ወሬውን መልሶ እንደ መንገር ነው።

በዚህ ማጣሪያ ካለፉት አላርሞች የትኛው ይቀድማል የሚለውን ደረጃው ይወስናል። በሚልፎርድ ሄቨን ከነበሩት 2,040 አላርሞች 87 በመቶዎቹ “ከፍተኛ” ተብለው ተመድበው ነበር። ሁሉም አስቸኳይ ከሆነ ኦፕሬተሩ የሚመርጥበት መንገድ የለውም። በ1999 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ኢ ኢ ኤም ዩ ኤ 191 የተባለው የብሪታንያ መመሪያ ከአላርሞቹ ወደ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ከፍተኛ፣ 15 በመቶው መካከለኛ፣ የቀሩት ዝቅተኛ እንዲሆኑ ይመክራል። ደረጃው የሚሰጠው በመሣሪያው ውድነት ወይም በክፍል ኃላፊው ቁጣ አይደለም። ሁለት ነገሮች ይታያሉ፤ ዝም ቢባል የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል ነው፣ ለማዳን ያለው ጊዜስ ስንት ደቂቃ ነው? ጉዳቱ ከባድ ሆኖ ሁለት ሰዓት ፋታ ያለው ነገር፣ ጉዳቱ መካከለኛ ሆኖ ሦስት ደቂቃ ብቻ ከቀረው በታች ሊመደብ ይችላል።

አሁን ወደ አንድ ታንከር እንጠጋ። 10,000 ሊትር ይይዛል እንበል፤ ውሃው 85 በመቶ ሲደርስ “ታንከሩ ሊሞላ ነው” የሚል አላርም ይጮኻል። ፓምፑ ሲገፋ ውሃው ላይ ሞገድ ስለሚፈጠር ሴንሰሩ 84.6፣ 85.3፣ 84.8፣ 85.2 እያለ ይዋልላል። ኤች ኤም አዩ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ 85ን ባለፈ ቁጥር ይጮኻል፣ በወረደ ቁጥር ዝም ይላል፣ መልሶ ይጮኻል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ አላርም በሙያው ለፍላፊ ተብሎ ይፈረጃል። ይህኛው ደግሞ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ኦፕሬተሩ ግማሽ ቀን ከሰማው በኋላ የሆርኑን አፍ በጨርቅ ቢወትፍ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው መድኃኒት ዴድባንድ ይባላል። አላርሙ የሚነሳበትና የሚጠፋበት ቦታ ይለያያል። ዴድባንዱ 3 በመቶ ቢሆን፣ 85 ላይ የጮኸው አላርም የሚጠፋው ውሃው ከ82 ሲወርድ ነው። ሞገዱ ከአንድ በመቶ ስለማያልፍ አላርሙ አንድ ጊዜ ጮኾ ይጸናል። ማስፋት ግን መዘዝ አለው። ታንከሩ በደኅና ቀን ከ78 እስከ 83 በመቶ የሚሠራ ሆኖ ዴድባንዱ 10 ቢደረግ፣ አላርሙ የሚጠፋው 75 ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ እዚያ አይወርድም። አንዴ የጮኸ አላርም ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ላይ ቀልቶ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ ከሞገዱ ሰፋ፣ ከሥራው ክልል ጠበብ ማለት አለበት።

ሁለተኛው መድኃኒት መዘግየት ነው፤ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሰዎችም ያምታቱታል። አንደኛው ከመጮኽ በፊት ያዘገያል፤ ውሃው ከ85 በላይ ለተወሰነ ሰከንድ ካልቆየ ድምፅ የለም። ለደረጃ ሴንሰር 60 ሰከንድ ጥሩ መነሻ እንደሆነ በመመሪያዎች ይነገራል። ለእኛ ታንከር ግን እናስላ። በደቂቃ 500 ሊትር የሚገባ ከሆነ ከ85 በመቶ እስከ መፍሰሻው ያለው 1,500 ሊትር በ3 ደቂቃ ይሞላል። ኦፕሬተሩ አላርሙን አይቶ፣ ምን እንደሆነ ተረድቶ መግቢያውን ለመዝጋት 2 ደቂቃ ይፈልጋል። የቀረው አንድ ደቂቃ ነው፤ 60 ሰከንዱ እሱኑ ጠራርጎ ይበላዋል። ለዚህ ታንከር ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ሌላም ችግር አለ። ውሃው ለአፍታ ከ85 በወረደ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ በሞገድ ላይ ደግሞ ይህ እየተደጋገመ እውነተኛውን አላርም ሊያስረሳ ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት የሚያዘገየው መጥፋቱን ነው። ውሃው ቢወርድም አላርሙ ለተወሰነ ጊዜ እንደበራ ይቆያል፤ በዚያ መሃል ተመልሶ ቢወጣ እንደ አዲስ አይጮኽም። የመጀመሪያውን ጩኸት አንድ ሰከንድ እንኳ አይነካም። ለልፍለፋ ማስታገሻ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይኸኛው ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሞከረው አደገኛው ነው።

ዴድባንድም መዘግየትም የማያድኑት አላርም አለ። ፓምፕ ቁጥር ሁለት ለጽዳት ሲቆም “ፍሰት ዝቅ ብሏል”፣ “ግፊት ዝቅ ብሏል” የሚሉ አላርሞች ተከታትለው ይመጣሉ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ፓምፑ ስለቆመ ፍሰት የለም። እዚህ ላይ የሚለወጠው ሁኔታው ነው። የፍሰቱ አላርም እንዲሠራ ፓምፑ በርቶ ከጀመረ 20 ሰከንድ ያህል ማለፍ አለበት ብሎ በፕሮግራሙ ማሰር ይበቃል።

ከዚህ የሚለየው አላርምን በእጅ ማፈን ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ጥገና እስኪደረግለት ማፈን ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማን እንዳፈነው፣ ለምን እንደሆነና መቼ እንደሚነሳ ካልተጻፈ፣ በሚቀጥለው ፈረቃ የሚገባው ሰው አላርሙ እንደሌለ እንኳ አያውቅም።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ አንባቢዎች ይህን ሥራ ለመጀመር አዲስ ሶፍትዌር አያስፈልጋችሁም። ኤች ኤም አዩ ያስቀመጠውን የባለፈውን ወር የአላርም ዝርዝር አውጡና ብዙ ጊዜ የጮኹትን አሥሩን ለዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከጩኸቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ኢ ኢ ኤም ዩ ኤ 191 ለአንድ ኦፕሬተር በደኅና ቀን ተቀባይነት አለው የሚለው በ10 ደቂቃ ከአንድ አላርም ያነሰ ነው። የእናንተን ከዚያ ጋር አስተያዩት፤ እያንዳንዱንም ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት የድሮውን ቁጥር ጻፉት።