የወረቀት ትኬት ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የቴሌብር መልእክት ያድነናል?

ልደታ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆርጣችሁ ባቡሩ ሳይመጣ ጠፋባችሁ እንበል። መልሱ አጭር ነው፤ ሌላ ትቆርጣላችሁ። የቀላል ባቡር ትኬት ላይ ስምም የወንበር ቁጥርም የለም፤ የያዘው ሰው ይሄድበታል። ሻጩ «ገዝቼ ነበር» ስላላችሁት ብቻ ሌላ ቢሰጣችሁ፣ የወደቀውን ያነሳ ሰውም ይሳፈርበታል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ዛሬም ቢሆን ኪሳራው ትንሽ ነው።

የጠፋው ግን ወደ ክፍለ ሀገር የሚወስዳችሁ የአውቶብስ ትኬት ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። ምክንያቱም በዚህኛው ትኬት ላይ ብዙ ጊዜ ስም፣ የጉዞ ቀን እና የወንበር ቁጥር ይጻፋል፤ ሻጩም ጋ በጥራዝ ወይም በኮምፒውተር ኮፒው ይቀራል። ወረቀቱ ቢጠፋም መዝገቡ አለ ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ልጅ ለቅዳሜ ጠዋት ወደ ደሴ ትኬት ቆረጠች። የወንበር ቁጥሯ 14 ነው፤ የከፈለችው በቴሌብር ነው። ሐሙስ ማታ ዝናብ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ትኬቱን አበላሸው። በእጇ ምን አላት?

አንደኛ፣ ከ127 የገባላት መልእክት። እሱ ላይ የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቀባዩ ስም እና የግብይት ቁጥር አለ። በንግድ ባንክ ብትከፍል ኖሮ ደግሞ በFT የሚጀምር ቁጥር ይኖራት ነበር። ይህ መክፈሏን ያረጋግጣል። ወንበር 14 የእሷ መሆኑን ግን አይናገርም፤ በዚያው ብር ሌላ ሰውም ትኬት ገዝቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ መታወቂያዋ። ስሟ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ካለው ስም ጋር ከገጠመ ወንበሩ የእሷ ነው ማለት ነው። የግብይት ቁጥሩ እና መታወቂያው አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ጠንካራ ማስረጃ የሚሆኑት። አንዱ ብቻውን ጎደሎ ነው። ትኬት ስትቆርጡ «ስም?» ሲሏችሁ የቤት ስማችሁን ሳይሆን መታወቂያ ላይ ያለውን ንገሯቸው የምንለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የተበላሸው ወረቀት ራሱ። አትጣሉት! የትኬት ቁጥሩ የሚነበብ ከሆነ ሻጩ በቀላሉ ከኮፒው ጋር ያመሳክረዋል። አሮጌውን ተቀብሎ ስለሚያስቀረውም ሌላ ሰው ይጠቀምበታል የሚል ስጋት የለበትም። የተበላሸ ትኬት ከጠፋ ትኬት የሚሻለው በዚህ ነው።

ልጅቷ መሄድ ያለባት ዓርብ፣ ትኬቱን ወደቆረጠችበት መስኮት ነው። ቅዳሜ ሌሊት አውቶብሱ በር ላይ ረዳቱን ብትለምን መዝገቡ እሱ ጋ ላይኖር ይችላል።

ምትኩ ያስከፍላል? «ኮፒ ነው ወይስ አዲስ ትኬት?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮፒ ማለት ቀኑም ወንበሩም ያው ሆኖ አሮጌው ሲሰረዝ ነው፤ ድርጅቱን የሚያስወጣው የወረቀት ዋጋ ብቻ ስለሆነ ሙሉ ሂሳብ የሚያስከፍልበት ምክንያት የለም። የአገልግሎት ክፍያ ካለ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሌላ የወንበር ቁጥር ተጽፎ ሙሉ ዋጋ ከተጠየቃችሁ ግን እየሸጡላችሁ ነው እንጂ እየተኩላችሁ አይደለም። ወንበር 14 የማን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

የአውሮፕላን ጉዞ ከሆነ አትጨነቁ። ከግንቦት 2000 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የዓለም አየር መንገዶች የወረቀት ትኬትን በኤሌክትሮኒክ ተክተዋል። በእጃችሁ ያለው ወረቀት የትኬቱ መረጃ ህትመት ብቻ ነው። ከኢሜይላችሁ ደግማችሁ ብታትሙት የሚያስወጣችሁ የፕሪንት ዋጋ ነው። ዋናው 6 ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ ማስያዣ ኮድ ወይም 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት በ071 ይጀምራል። ይህን ፎቶ ሶሻል ሚዲያ ላይ አትልቀቁ፤ ኮዱን እና ስማችሁን ያየ ሰው ጉዟችሁን ሊነካካው ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በትንሿ ማሽን የሚታተመው ለስላሳ ወረቀት ቀለም የለውም፤ ጽሑፉ የሚወጣው በሙቀት ነው። ስለዚህ ፀሐይ፣ ሙቀት ወይም ሳኒታይዘር ያበላሸዋል። ላሚኔት ካደረጋችሁት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። ከመስኮቱ ሳትርቁ የትኬት ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ቀኑ እና ወንበሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ብቻውን አያሳፍርም፤ ሻጩ መዝገቡ ውስጥ የቱን መስመር መፈለግ እንዳለበት ግን ያሳያል።