ከታች ወደ ላይ የሚጠፋው ምሳሌ

የ9ኛ ክፍል የአልጄብራ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ መልኩ አንድ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ኢኩዌሽን ይጽፋል፣ ከላይ እስከ ታች ይፈታዋል፣ ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ከዚያ መጽሐፉ ላይ ያሉት ጥያቄዎች የቤት ሥራ ይሆናሉ። ማታ ደብተሯን የምትገልጠው ተማሪ ግን ቀን ቀላል የመሰላት ነገር ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይይዛታል። ስላልሰማች አይደለም። ሌላ ሰው ሲሠራ ከማየት ተነስታ ሙሉውን ብቻዋን ወደ መሥራት በአንድ ዝላይ እንድትሻገር ስለተጠየቀች ነው።

ዝላዩን ማሳጠር እንደሚቻል ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአውስትራሊያ፣ በዚሁ በአልጄብራ ላይ ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አስተማሩ። አንደኛው ቡድን እንደ ልማዱ ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደራረበ ይሠራል። ሁለተኛው ጥያቄዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይቀበላል፤ ከጥንዱ የመጀመሪያው እስከ መልሱ ተሠርቶ የተጻፈ ነው፣ ቀጣዩን እሱን የሚመስለውን ተማሪው ራሱ ይሠራዋል። የተሠራ ምሳሌ ያጠኑት ልጆች ትምህርቱን በአጭር ጊዜ ጨረሱ፤ በኋላም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ፈጥነው፣ ስሕተትም ቀንሰው ሠሩ። አሠራሩ ለየት ያለ ጥያቄ ሲመጣ ግን ብልጫቸው አልታየም። ይህን ሁለተኛውን ውጤት ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ምክንያቱን ስዌለር የሚያስረዳው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዘው በሚችለው ነገር ማነስ ነው። ጀማሪ ተማሪ ኢኩዌሽን ሲሰጠው መልሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል፣ መንገዱን ግን አያውቅም። ስለዚህ ቅንፉን ልፍታ ወይስ ቁጥሩን ላሻግር እያለ ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ሐሳቡ ሁሉ በፍለጋው ስለሚያልቅ በአጋጣሚ መልሱን ቢያገኘው እንኳ እንዴት እንዳገኘው ልብ ለማለት የተረፈው ቦታ የለም። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ትእዛዙን መረዳትም ራሱን የቻለ ሸክም ነው።

ታዲያ ከተሠራው ምሳሌ ወደ ባዶው ጥያቄ እንዴት ይኬዳል? ጀርመናዊው አሌክሳንደር ሬንክልና አሜሪካዊው ሮበርት አትኪንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት የፈተሸው ይህንን ነው። ምሳሌውን በአንዴ ከመንጠቅ ይልቅ በየተራው አንድ አንድ መስመር እያጎደሉ መሄድ፣ የጎደለውን ተማሪው እንዲሞላ ማድረግ። የእነሱ ሙከራ በኢኩዌሽን ላይ አልነበረም፤ በፊዚክስና በፕሮባቢሊቲ ጥያቄዎች ላይ ነበር። ዘዴው ግን መስመር በመስመር ወደሚፈታው ኢኩዌሽን ሲመጣ ልክ ለእሱ የተሰፋ ነው የሚመስለው።

አንዱን እስከ መጨረሻው እንየው። የመጀመሪያው ምሳሌ ምንም ሳይጎድል ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፦

```
4(x − 2) + 3 = 2x + 9
4x − 8 + 3 = 2x + 9
4x − 5 = 2x + 9
2x − 5 = 9
2x = 14
x = 7
```

መምህሩ በየመስመሩ አጠገብ የሠራውን በአጭሩ ይጽፋል። ሁለተኛው መስመር ላይ «4 ለሁለቱም ተባዛ»፣ ሦስተኛው ላይ «−8 እና 3 ተደመሩ»፣ አራተኛው ላይ «ከሁለቱም ጎን 2x ተቀነሰ»፣ ከዚያ «ሁለቱም ጎን ላይ 5 ተደመረ»፣ በመጨረሻም «ሁለቱም ጎን ለ2 ተካፈለ»። ማጣራቱም አይቀርም፤ በx ቦታ 7 ሲገባ ግራው 23 ነው፣ ቀኙም 23 ነው።

«ሁለቱም ጎን» የሚለውን ቃል ሳይሰለቹ መደጋገም የመምህሩ ፈንታ ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የተማረው «ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» በሚል ሕግ ነው። ሕጉ ለመደመርና ለመቀነስ ይሠራል፤ ምክንያቱን ስለሚደብቅ ግን የት ላይ እንደሚያበቃ ለተማሪው አይነግረውም። ይህ የሚጋለጠው ከቀጣዩ ምሳሌ ላይ ነው፤ እዚህ የመጨረሻው መስመር ብቻ ጠፍቷል፦

```
6(x − 1) + 2 = 3x + 8
6x − 6 + 2 = 3x + 8
6x − 4 = 3x + 8
3x − 4 = 8
3x = 12
x = ____
```

መልሱ 4 ነው። ከክፍሉ ጥቂቶች ግን 9 ይጽፋሉ፤ 3ን ማዶ አሻግረው «ምልክቱን ቀይረው» ከ12 ቀንሰውታል። ሙሉው ጥያቄ ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ከሌሎች ስሕተቶች ጋር ተደባልቆ መምህሩ ሊለየው ይቸገር ነበር። አሁን ግን ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ስለሆነ ጥፋቱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ልጁን «3x ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሦስት ጊዜ x መሆኑን ሲናገር ለ3 ማካፈል እንጂ 3 መቀነስ እንደማያዋጣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያየዋል። ካላየው 9ን በx ቦታ ያስገባና ግራው 50፣ ቀኙ 35 ሆኖ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ላይ ተጨማሪ ሁለት መስመሮች ይጠፋሉ፦

```
7(x − 2) + 5 = 4x + 6
7x − 14 + 5 = 4x + 6
7x − 9 = 4x + 6
____
____
x = ____
```

እዚህ x በሁለቱም ጎን አለ፤ ተማሪዋ ከየትኛው እንደምትጀምር መወሰን አለባት። ከሁለቱም ጎን 4x ብትቀንስ 3x − 9 = 6 ይመጣል፤ መጀመሪያ 9 ብትደምር 7x = 4x + 15 ይመጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም 5 ላይ ይደርሳሉ። መምህሩ የራሱን ቅደም ተከተል ካልጻፋችሁ ብሎ ነጥብ ከቀነሰ ጠቅላላው ሥራ የመስመር ሽምደዳ ሆኖ ያርፋል።

ለምን ከታች ይጀመራል? ከላይም ማጥፋት ይቻላልና። የሬንክልና የአትኪንሰን ቡድን ሁለቱንም ያነጻጸረ ሲሆን ከታች ወደ ላይ ማጉደሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ለኢኩዌሽን እኔ የምጨምረው አንድ ተራ ምክንያት አለ፦ መሐል ላይ የጠፋ መስመር ከሥሩ ያለውን አይቶ በግምት ሊሞላ ይችላል፤ ከታች ሲጠፋ ግን የሚሰረቅ ነገር የለም። ደግሞም ተማሪው ባዶውን ሞልቶ ሲጨርስ መልሱ ላይ ደርሷል፣ ማጣራት ይችላል።

ይሁንና በአልጄብራ ላይ ይህ አካሄድ አንድ ወጥመድ አለው። የኢኩዌሽን የመጨረሻው መስመር ብዙውን ጊዜ ቀላሉ ነው፤ ልጆቹ የሚወድቁት ከላይ፣ ቅንፍ ሲፈታ ነው። ሬንክል፣ አትኪንሰንና ኮርኔሊያ ግሮሰ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ይበልጥ የተማሩት የጠፋውን እርምጃ ራሱን እንደሆነ፣ እርምጃው ከላይ ይሁን ከታች ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ዘግበዋል። ስለዚህ መምህሩ ታችኛዎቹን መስመሮች ቶሎ አሳልፎ አስቸጋሪው እርምጃ ላይ ሲደርስ መቆየት አለበት፤ አንድ ምሳሌ ሳይሆን በርከት ያሉ፣ ያው እርምጃ የጠፋባቸው። ለዚህ የሚሆን አንዱ ይኸው፦

```
14 − 3(x − 4) = 2x + 1
____
26 − 3x = 2x + 1
25 = 5x
5 = x
```

ከታች ወደ ላይ የሚለውን ሥርዓት ሆን ብዬ አፍርሼዋለሁ፤ የሚፈለገው ቅንፉ ብቻ ነውና። ባዶው ቦታ ላይ 14 − 3x − 12 የሚጽፍ ተማሪ ቀጣዩ መስመር ላይ ያለውን 26 ሲያይ አንድ ነገር እንደተበላሸ ይገባዋል። ሌላው 14 ላይ 3 ቀንሶ 11(x − 4) ይጽፋል። እሱ የምልክት ችግር የለበትም፤ ማባዛት ከመቀነስ እንደሚቀድም ነው የዘነጋው። ሁለቱን ልጆች በአንድ ማብራሪያ ማረም አይቻልም። እዚህ ላይ የተጻፈው 26 ፍንጭ እንጂ ስርቆሽ እንዳይሆን ከባዶው አጠገብ «−4 በምን ተባዛ? ምን ወጣ?» የሚል ጥያቄ ይጨመራል፤ መልሱን ልጁ በቃል ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ብዙ ወረቀት የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል። ፎቶኮፒ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን ሰሌዳና ዳስተር ይበቃሉ፤ መምህሩ ምሳሌውን ሠርቶ ቁጥሮቹን ብቻ ይቀይርና የሚያጠፋውን ያጠፋል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ማን እንደደረሰ ማን እንዳልደረሰ ማወቅ። ምሳሌ የሚረዳው ጀማሪውን ነውና። ስላቫ ካልዩጋና ስዌለርን ጨምሮ በዚህ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት መንገዱን ለለመደ ተማሪ የተሠራውን መስመር ማንበብ ትርፍ ድካም ይሆንበታል፤ አንዳንዴም ወደኋላ ይጎትተዋል።

ካልዩጋና ስዌለር ለዚህ የተጠቀሙበት መለኪያ በአልጄብራ ላይ የተሞከረ ሲሆን ለትልቅ ክፍልም ይመቻል። ኢኩዌሽኑን ትሰጣለህ፣ ተማሪው እንዲፈታው ሳይሆን የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ በአጭር ጊዜ እንዲጽፍ ትጠይቃለህ። ለምሳሌ 3(x + 2) = 21 ቢሰጥ አንዱ 3x + 6 = 21 ይጽፋል፤ ትክክል ነው፣ እርምጃ በእርምጃ እየሄደ ነው። ሌላዋ በቀጥታ x + 2 = 7 ወይም x = 5 ትጽፋለች። ለእሷ ምሳሌው ይነሳላት፣ ባዶ ጥያቄ ትሥራ። 3x + 2 = 21 የጻፈው ደግሞ ወደ ሙሉው ምሳሌ ይመለሳል። ደብተር ሳይሰበሰብ በመደዳዎቹ መካከል እየዞሩ የሚታይ ነገር ነው።

ከሲድኒ የተረፈችው ጉዳይ፣ ለየት ያለ ጥያቄ ላይ የጠፋው ብልጫ፣ እዚህ ላይ ትመጣለች። ምሳሌዎቹ ሁሉ አንድ መልክ ካላቸው ተማሪው የሚይዘው መልኩን ነው። ከላይ በመጨረሻው ምሳሌ x በስተቀኝ የቀረው ለዚሁ ነው፤ 5 = x ሲያይ «አልጨረሰም፣ መገልበጥ አለበት» የሚል ተማሪ ምን እንደጎደለው ወዲያው ይታወቃል። x ሌላ ፊደል ሲሆን፣ መልሱ ክፍልፋይ ወይም ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ቅንፉ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ማየትም እንዲሁ። 2(n + 3) = 11 የሚለው n = 5/2 ይሰጣል፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ የለመደ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ትክክለኛውን መልስ በላጲስ አጥፍቶ ከላይ እንደ አዲስ ይጀምራል።